ምሰሶው በአንድ ሰዓት

ተዘራ ቀናተኛ ነው ብትሉ እዚህ እስራኤል፣ ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ የሚያምናችሁ ሰው አታገኙም። «እሱ? እሱማ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በማትናሱ፣ በሰፈሩ የባህል ማዕከል፣ አምፖል ሲቀይር፣ የተደፈነ ቧንቧ ሲከፍት፣ ለሰርግና ለስብሰባ ወንበር ሲደረድር ከማንም ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከአባቱ ጋር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ፤ ዛሬ ጺሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ጨዋነቱን እኔም አልክድም። ግን ከስግድ፣ ከቤተ እስራኤል በዓል፣ በፊት የነበረችውን ያቺን ሳምንት አውቃታለሁና ቁጭ በሉ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ በወንበር ነው። አዳራሹ ውስጥ ለሰርግ ሦስት መቶ ወንበር ሲደረድር ስልኩን መስኮት ላይ አስደገፈና ታይምላፕስ የሚለውን ነካ። ሁለት ሰዓት ወገብ የሰበረው ሥራ በግማሽ ደቂቃ አልቆ፣ ወንበሮቹ በራሳቸው እየተጣደፉ የሚሰለፉ መስለው ሲወጡ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ መልሶ አየው። ከዚያ ደግሞ መልሶ። በቃ፣ ያዘው።

እንደ ቧንቧ ሥራው ሁሉ ይህንንም እያበላሸ ተማረው። አንድ ሰከንድ ቪዲዮ ሠላሳ ፎቶ ይበላል። ስለዚህ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ፎቶ ብታነሣ አሥር ደቂቃ ቆመህ የምታገኘው አሥር ሰከንድ ነው። ለደመና ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ የሰው እጅ ሥራ ሲሆን በየአንድ ሰከንዱ ነው፣ አለዚያ ሰዉ እንደ አንበጣ ይዘላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ግንባታ ግን በየአምስት ሰከንዱ ይበቃል። የስልኩ ማቆሚያ እግሩ ላይ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ይንጠለጠልበታል፣ ነፋስ እንዳያንቀጠቅጠው። ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል። የስክሪኑ ብርሃን ይቀነሳል፣ ሽፋኑ ይወልቃል፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሆናል፤ የከተማችን የረሆቮት ፀሐይ በኅዳርም ቢሆን ስልክ ታግላለች። ተጨማሪው ባትሪ የሚሰካው ከመጀመሪያው ነው እንጂ ስልኩ ሊሞት ሲል አይደለም፤ ያን ጊዜ ብትነካው ሥዕሉ ይናጋል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ስልኩ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይደረጋል፤ አንድ ሰው ደውሎ የቀን ሥራህን ገደል እንዳይከትብህ።

ይህን ሁሉ ለማን አሳየ? ለአባቱ ነዋ! አባ ጀምበሬ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በጎንደር ሳሉ ጎጆ በመሥራት ከመንደር መንደር እየተጠሩ የሚሄዱ ሰው ነበሩ። የሰርጉን ወንበሮች ስልኩ ላይ ሲያሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩና «እነዚህን ሰዎች ምን አሳደዳቸው?» አሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ልጃቸው ጥበብ የተናገሩት ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

እንግዲህ ኢንባር ትምጣ። ኢንባር የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ እዚሁ አገር የተወለደች፣ ውትድርናዋን ጨርሳ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ፣ አጠገባችን ባለችው ከተማ በቤኤር ያዕቆብ የምትኖር። ከሁለት ዓመት በፊት አክስቷን ልትጠይቅ መጥታ ተዘራን በግቢው ውስጥ ማቆሚያውን ሲያስተካክል አየችው። «ጋሼ ተዘራ፣ አስተምረኝ» አለችው። አስተማራት። አንድም ነገር አልሰሰተባትም። ሃይፐርላፕስንም፣ ካሜራው ራሱ እየተራመደ የሚነሣውን ማለት ነው፣ እሱ ነው ያሳያት፤ ሁለት ንጣፍ ድንጋይ ትራመጃለሽ፣ ትቆሚያለሽ፣ ታነሻለሽ፤ ሩቅ ያለ አንድ ነገር መርጠሽ ሁልጊዜ በስክሪኑ መስመሮች መገናኛ ላይ ታደርጊዋለሽ፤ እሱ ከዘለለ ሥዕሉ ሁሉ ይዘላል አላት።

ሄዳ ሄርጽል መንገድን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነሣች። ዘጠኝ መቶ ፎቶ። ጥላው ቦታ እንዳይቀይርባት ሦስት ጠዋት በአንድ ዓይነት ሰዓት እየወጣች፣ እየተራመደች፣ እየቆመች። ሠላሳ ሰከንድ ሆኖ ሲወጣ ሰው በመንገዱ ላይ የሚበር ይመስለዋል። አባ ጀምበሬ ሰባት ጊዜ አስደግመው አዩት። ሰባት ጊዜ! ተዘራ ቆጥሮታል። ሲጨርሱም «ይቺ ልጅ ዓይን አላት» አሉ።

ተዘራ «ኮል ሃካቮድ፣ ኢንባር» ብሎ በዕብራይስጥ አሞገሳት፣ ፈገግ አለ፣ ወጣ። መጋዘን ገብቶ ያልተበላሸ ቧንቧ ፈታ። እኔ ያስተማርኳት፣ እኔ ድንጋይ ያስቆጠርኳት፣ እሷ ዓይን ኖራት፣ እኔ ደግሞ ሰው የማሳድድ ሆንኩ ብሎ ለብቻው ተናገረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሲነሣ ሥራ ፈልጎ ይወጣ ጀመር።

ያቺ ሳምንት የመጣችው ይኼ ሳይበርድ ነው። የማትናሱ ኃላፊ ጋሊት ለስግድ በዓል ግቢው ውስጥ ጎጆ ይሠራ አለች፤ የአገር ቤት ጎጆ፣ በሁለት ቀን፣ በአባ ጀምበሬ እጅ። ሽማግሌው እዚህ አገር ከመጡ ጎጆ ሠርተው አያውቁም። «ይህ የመጨረሻዬ ነው» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። ሁሉም ሰው ሰማ። ተዘራም ሰማ። የአባቱ የመጨረሻ ጎጆ ከባዶ መሬት ተነሥቶ ሲቆም፣ በእሱ ስልክ! ለሌላ የሚሰጥ ይመስላችኋል?

ተሰጠ እንጂ። ጋሊት በስብሰባው ላይ «ፊልሙን ኢንባር ትሠራዋለች፣ ቤሰደር? እሺ አይደል?» አለች፣ ወንበር ስለመደርደር እንደምታወራ ሁሉ። ወደ ተዘራም ዞር ብላ «አንተ ደግሞ እንጨቱን ታስገባለህ» አለችው። አባ ጀምበሬ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸው! ተዘራን ያቃጠለው ጋሊት አይደለችም፤ ያ ራስ መነቅነቅ ነው።

ኢንባር ስልኳን አውጥታ ጠየቀች። «አባ ጀምበሬ፣ ምሰሶው የሚቆመው በስንት ሰዓት ነው? በደንብ መያዝ የምፈልገው እሱን ነው።»

«በአንድ ሰዓት» አሉ።

ጻፈችው። ማታ በዋትሳፕ ቡድኑ ላይ የሥራ ዝርዝሯን ላከች፤ እሁድ፣ ምሰሶ፣ 13:00 ይላል። ተዘራ ራት ላይ አነበበውና ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። የአባቱን ሰዓት እሱ አይስተውም። ለአባ ጀምበሬ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት፣ በስልኩ አቆጣጠር ጠዋት ሰባት ነው። ሽማግሌው እዚህ አገር ሠላሳ አራት ዓመት ኖረው እንኳ ይህን አልለወጡም። ኢንባር ደግሞ አንድ ሰዓት ሲባል ከቀትር በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚታያት። ምሰሶው ቆሞ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ልትመጣ ነው።

ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። «ጠዋት ነው» ብሎ መጻፍ። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ከዚያ የአውራ ጣት ምልክት ላከላት፤ እሺ ማለቱ ነው።

«ምን አገኘህ፣ ብቻህን የምትስቀው?» አለችው ሚስቱ ማንተገብሽ።

«ምንም።»

«ፊትህ ግን የምንም አይደለም» ብላ ሳህኑን አነሣችው።

እሁድ ጠዋት፣ በስልኩ አቆጣጠር ስድስት ተኩል ላይ፣ ተዘራ ግቢው ውስጥ ነበር፣ አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ። ማቆሚያውን ተከለ፣ ጠርሙሱን አንጠለጠለ፣ ተጨማሪውን ባትሪ ሰካ፣ የሰው እጅ ነውና አንድ ሰከንድ ብሎ አስተካከለ። ሁሉም እንደ ሕጉ። የአውሮፕላኑ ሁነታ ላይ ሲደርስ ግን እጁን መለሰው። ብትደውልስ? ገብቷት፣ ደንግጣ፣ «ጋሼ፣ ምሰሶው ቆመ እንዴ?» ብላ ብትደውልስ? ያንን ድምፅ ሊሰማው ፈለገ። እዩት እንግዲህ! ሌላውን በዚህ ሲቆጣ የኖረ ሰው ስልኩን ክፍት ትቶት አስጀመረ።

የሰፈሩ ሽማግሎች ትናንት ሰንበት ስለነበረ ጉድጓዱን ዓርብ ቆፍረውት ነበር። የባሕር ዛፉ ምሰሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። አባ ጀምበሬ በትራቸውን ጥለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አሥር ዓመት የቀነሱ መስለው ቆሙ። የቅርብ ወዳጃቸው ሽበሺና ሌሎች አምስት ሰዎች እንጨቱን ተሸከሙ። በአባ ጀምበሬ ቤት ልማድ ምሰሶ ሲቆም ታችኛውን ጫፍ ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ የሚያስገባው የሠሪው ልጅ ነው። አባ ጀምበሬ ለአባታቸው ይዘዋል። ተዘራ ግን በአገር ቤት ልጅ ስለነበረ ይዞ አያውቅም፤ ዛሬ ካልያዘ ደግሞ መቼም አይይዝም።

«ተዘራ! ና እግሩን ያዝ!» አሉ አባቱ።

«መጣሁ፣ አባ! አንድ ጊዜ፣ ስልኩ…» አለ ተዘራ። ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ አልነበረም፤ የግቢው በር ላይ ነበር። መጣች? አልመጣችም። መኪና አለፈ፤ እሷ አይደለችም። እንጨቱ የከበዳቸው ሰዎች ያቃስታሉ። አባ ጀምበሬ አንዴ ዞረው አዩት። ሁለተኛ አልጠሩትም። «ሽበሺ፣ በል አንተ ያዘው» አሉ።

ይህን ጊዜ ስልኩ ነዘረ። ኢንባር! ብሎ ተወረወረ፣ ክርኑ ማቆሚያውን መታው፣ ማቆሚያው ከነጠርሙሱ ተንገዳገደ፣ ስልኩ ዓይኑን ወደ አጥር አዞረ፤ ጥሪውን እነሣለሁ ብሎ ሲነካው ቀረጻው ተቋረጠ። ጋሊት ነበረች።

«ተዘራ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የት አደረግኸው?»

ቀና ሲል ምሰሶው ቆሟል። ሰዎቹ እያጨበጨቡ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ባዶ ጉድጓድ፣ የሽበሺ ጀርባና አጥር ነው። ክው አለ። ግን ምን አጽናናው መሰላችሁ? እሷም የላትም፣ አለ በልቡ። እኔ ባጣው እሷም የላትም።

ኢንባር ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እኩለ ቀን ላይ መጣች፣ እየተራመዱ ሲያነሡ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን መያዣ አንጠልጥላ። ምሰሶው ብቻ ሳይሆን የግድግዳው እንጨትም ዙሪያውን ቆሞ ስታየው በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«አንድ ሰዓት አላሉም እንዴ?»

ሽበሺ ሳቀ። «አንድ ሰዓት ካለፈማ ስንት ሆነ! ጠዋት ነው እንጂ፣ ልጄ። አንቺ በዕብራይስጡ ቆጠርሽው?»

ፊቷ ቀላ። ወደ ተዘራ ዞረች። «ጋሼ፣ ዝርዝሩን አይተኸው ነበር እኮ።»

«አላስተዋልኩትም» አለ ተዘራ። ዋሸ። ጨዋው ሰው፣ አባቱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው እየሰሙ፣ ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ።

ኢንባር ጥቂት አሰበች። ከዚያ መያዣውን መሬት ላይ ጥላ በሩጫ ወጣች፤ መንገድ ተሻግራ፣ ግቢው ፊት ለፊት ወዳለው ሕንጻ፣ አክስቷ ወደምትኖርበት ሦስተኛ ፎቅ። ስትመለስ በእጇ ያረጀ ስልክ ይዛለች፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ያበቃለት፣ ያለ ሶኬት የማይሠራ።

«አለ!» አለች፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። «ጠዋት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ወደ ግቢው አዙሬ በረንዳው ላይ አስሬ ግድግዳው ላይ ሰክቼው ነው የሄድኩት። በየአምስት ሰከንዱ ሲያነሣ ነው ያረፈደው። ሥራው በዚያ ሰዓት ይጀመራል ብዬ አይደለም እኮ! አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ የሰው እግር መሬቱን ሳይረግጥ ጀምሪ፣ የመጀመሪያው ተመልሶ አይገኝም አላልከኝም?»

ብሎ ነበር። ቃል በቃል። ሰው በገዛ አፉ ሲሸነፍ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ተዘራ ራሱን ነቀነቀ።

ስልኩን መልሳ ሰክታው እስከ አሥር ሰዓት፣ በሽማግሎቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሥራው እስኪያልቅ ተቀረጸ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ራሷ ስልክ አዛውራ፣ ለማንም ሳታሳይ መጋዘን ውስጥ ለተዘራ አሳየችው። ለአስተማሪዬ መጀመሪያ ብላ። ምሰሶው የቆመበት ስድስት ደቂቃ በየአምስት ሰከንዱ ሰባ ሁለት ፎቶ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰዎቹ እዚህ ሲሉ እዚያ ይሆናሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ይነሣሉ፣ እንጨቱ ብድግ ይላል። ሁሉም ይዘላል። በጥግ በኩል ግን አንድ አረንጓዴ ነገር አለ፤ አይንቀሳቀስም። እንደ ምሰሶው የቆመ እሱ ብቻ ነው።

«ይኼ አንተ ነህ» አለች ኢንባር። «ሁሉ ሲንቀሳቀስ የቆመው ነገር ዓይን ይስባል። ጥጉን ብቆርጠው ይሻላል?»

«ቁረጪው» አለ፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም ግቢው ውስጥ ባሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ኢንባር ከአባ ጀምበሬ አጠገብ ተቀምጣ ስልኩን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው አዩት። ምሰሶው ብድግ ሲል እሳቸውም ከወንበሩ ብድግ አሉ። «ድገሚው» አሉ። ደገመችው። «በቀስታ የለም?» አሉ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየገፋች አሳየቻቸው።

«ሽበሺ ይኸው፣ እግሩን ይዟል። እኔ ይኸው፣ ተመልከቱ ጎንበስ ማለቴን!» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። አንገታቸውን አስግገው ፈለጉ። «ተዘራስ? ልጄ የታለ? በቤቴ ውስጥ የልጄ ጥላ እንኳ የለም።»

ኢንባር ተዘራን አየችው።

«መልሺው» አላት ተዘራ። «የቆረጥሽውን መልሺና ሙሉውን አሳዪያቸው።»

መለሰችው። አባ ጀምበሬ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጣታቸውን ጥጉ ላይ አደረጉ። «ይኸውልህ። ቆመሃል።» ኢንባር ገፋችው። «አሁንም ቆመሃል።» ሌላ። «ስጠራህ ይሆናል ይህን ጊዜ። ቆመሃል። ፊትህ ወደ በሩ ነው። ማንን ስትጠብቅ ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ቀን ዋሽቷል፣ አፉ ለምዷል። ግን ሰባ ሁለት ፎቶ ፊቱ ተዘርግቷል።

«እሷን» አለ። «እንዳትመጣ።»

ሽበሺ መሬት መሬት አየ። ኢንባር ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የአውራ ጣት ምልክቱ ትዝ ያላት ይመስለኛል።

አባ ጀምበሬ በትራቸውን ፈልገው አነሡ፣ ተደግፈው ቆሙ፣ ወደ ጎጆው አጽም ተመለከቱ።

«ነገ ሣር እናለብሳለን» አሉ ልጃቸውን ሳያዩ። «በአንድ ሰዓት ነው። ንገራት።»

ተዘራ ወደ ኢንባር ዞረ። ምንም እንዳይሳሳት በሁለቱም ቋንቋ ነገራት።

«ጠዋት ሰባት» አለ። «ሼቫ ባቦቄር።»